«ጄነሬተሩ በድንገት ተበላሽቷል»፤ ሊፍቱ በር ላይ የተለጠፈውን ወረቀት እንዴት እናንብበው?

«ለክቡራን ነዋሪዎች በሙሉ፤ የሕንጻችን ጄነሬተር በድንገት ስለተበላሸ ለጥገና ብር 880,000 ያስፈልጋል። ስለሆነም እያንዳንዱ ቤት ብር 20,000 እስከ አርብ ድረስ ገቢ እንዲያደርግ እናሳስባለን። እስከዚያው ለሚፈጠረው መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን።»

ማኅተም፣ ፊርማ፣ አለቀ።

አዲስ አበባ ውስጥ አፓርታማ ላይ የሚኖር ሰው ይህን ዓይነት ወረቀት ያውቀዋል። ሕንጻውንና ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ እኔ ነኝ ያስቀመጥኳቸው። ሕንጻው ጂ+11 ነው። በየፎቁ 4 ቤት አለ፤ በጠቅላላ 44። ግራውንዱ ላይ ካፌና ሱቆች አሉ። ጄነሬተሩ ባለ 200 ኬቪኤ ነው፤ መብራት ሲሄድ ሊፍቱንም፣ የውኃ ፓምፑንም፣ ቤቶቹንም ይሸከማል።

ሰው ወረቀቱን አንብቦ መጀመሪያ የሚነታረከው በ20,000ው ብር ላይ ነው። አይፈረድበትም። ግን ጠቡ መጀመር ያለበት ከብሩ ሳይሆን «በድንገት» ከምትለው ቃል ይመስለኛል። ምን ተበላሸ? ለምን ተበላሸ? ይህ ካልታወቀ የተዋጣው ብር ጄነሬተሩን አስነስቶ፣ ለመጪው በዓል ያንኑ ወረቀት መልሶ ያስለጥፋል።

ሞተር ሳይናገር አይሞትም

ጄነሬተር አልነሳም ሲል መጀመሪያ የሚጠረጠረው ባትሪው ነው። ለወራት ሳይነሳ የቆመ፣ ቻርጀሩ የማይሠራ፣ ተርሚናሉ የዛገ ባትሪ ብዙ ጄነሬተር አዋርዷል። ግን ለባትሪ 880,000 ብር አይጠየቅም። ይህን ያህል ከተጠየቀ ወይ ኤሌክትሪኩን የሚያመነጨው አልተርኔተር ተቃጥሏል፣ ወይ ችግሩ ሞተሩ ውስጥ ገብቷል። በምሳሌያችን ሁለተኛው ነው እንበል፤ ሞተሩ ሞቆ ቴስታታው ሄዷል።

ቴስታታ የሞተሩ ክዳን ነው። በእሱና በሞተሩ አካል መካከል ስስ ጋስኬት አለ። ዘይቱን፣ የማቀዝቀዣ ውኃውንና የሲሊንደሩን ግፊት ለያይቶ የሚይዘው ይህ ጋስኬት ነው። ሞተሩ ከልክ በላይ ሲሞቅ ቴስታታው ይጣመማል፤ ጋስኬቱም ይቃጠላል። ከዚያ በኋላ ውኃው ወደ ዘይቱ ይገባል። ይህን ለማየት ሜካኒክ መሆን አያስፈልግም። የዘይት መለኪያው ዘንግ ሲወጣ ዘይቱ ማኪያቶ መስሎ ይታያል። ሞተሩ ከተነሳ በጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ ይወጣል፤ የራዲያተሩ ውኃ ደግሞ አረፋ እየሠራ ይፈላል። አንድ የኮሚቴ አባል ያንን ዘንግ በስልኩ ፎቶ አንስቶ የነዋሪዎች ግሩፕ ላይ ቢለጥፈው ግማሹ ጥርጣሬ እዚያው ያልቃል። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፦ የሞቀ ራዲያተር ክዳን አይከፈትም። ፊት ያቃጥላል።

አሁን ወደ «በድንገት» እንመለስ። ባለፉት ዓመታት የገቡ ጄነሬተሮች አብዛኞቹ መቆጣጠሪያ ፓነል አላቸው። ሞተሩ ሲሞቅ ፓነሉ ራሱ ያጠፋዋል፤ የጠፋበትን ምክንያትም ይመዘግባል። ሜኑው ውስጥ ሲገቡ High Coolant Temperature የሚል መስመር ከቀንና ከሰዓት ጋር ይወጣል። ያ መስመር አንዴ ብቻ ከሆነ አንድ ነገር ነው። ባለፉት ሁለት ወራት ደጋግሞ ከታየ ግን ሞተሩ ሲጮህ ከርሟል፤ የሰማው አልነበረም ማለት ነው። ከዚህም የከፋ አለ። ነዋሪ እንዳይቆጣ ተብሎ የሙቀት ሴንሰሩ ሽቦ የሚነቀልበት ጊዜ አለ። ያኔ ፓነሉ ሙቀቱን አያይም። ሞተሩ እስኪበላሽ ድረስ ይሠራል።

ስለዚህ ኮሚቴው ከሜካኒኩ በፊት መጠየቅ ያለበት ሁለት ነገር ነው፤ የፓነሉን መዝገብና የጥበቃዎቹን ደብተር። ደብተር ከሌለ፣ አለመኖሩ ራሱ መልስ ነው።

የምጣዱ ስሌት

ሞተር የሚሞቅባቸው የተለመዱ ምክንያቶች አሉ። በአቧራ የተደፈነ ራዲያተር፣ የላላ የፋን ቺንጋ፣ የማይከፍት ቴርሞስታት፣ የደከመ የውኃ ፓምፕ፣ በኩላንት ፋንታ የቧንቧ ውኃ መሙላት። እነዚህን ማንም ሜካኒክ ይነግራችኋል። አዲስ አበባ ላይ ግን ብዙ ጊዜ የሚረሳ አንድ ሌላ ነገር አለ። እሱም የከተማዋ ከፍታ ነው።

200 ኬቪኤ የሚለው ጽሑፍ በኪሎዋት ሲተረጎም 160 ገደማ ነው። ይህ ግን ሞተሩ ወደ ባሕር ጠለል ጠጋ ባለ ቦታ የሚሰጠው ጉልበት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው። ሞተሩ የሚተነፍሰው ኦክስጅን ያንሳል፤ ራዲያተሩን የሚያቀዘቅዘው አየርም እንደዚያው። እንደ ሞተሩ ዓይነት ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው ጉልበት ይቀንሳል። የእኛ ጄነሬተር እንግዲህ 160 ሳይሆን ከ136 እስከ 144 ኪሎዋት ነው የሚሰጠው።

አሁን የበዓል ዋዜማን አስቡት። ከሰዓት በኋላ መብራት ሄደ። ጄነሬተሩ ተነሳ። ሰው ሁሉ ያቋረጠውን ቀጠለ። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይወስዳል። 15 ቤት ምጣድ ቢጥድ 52 ኪሎዋት ተኩል ሆነ። 15 ቤት ቦይለር ቢያበራ፣ በ2 ኪሎዋት ሒሳብ 30። 20 ቤት ምድጃ ላይ ወጥ ቢጥድ 40። የ44ቱም ቤት ፍሪጅ፣ ቴሌቪዥንና አምፖል አንድ ላይ 22 ቢሆን፣ ሊፍቱ፣ ፓምፑና ካፌው ደግሞ 20 ቢጨምሩ ድምሩ 165 ኪሎዋት ይጠጋል። ሞተሩ ያለው ግን 140 ነው።

«ታዲያ ብሬከሩ አይወርድም ወይ?» ትሉ ይሆናል። አይወርድም። ነገሩ የሚገርመው እዚህ ላይ ነው። ብሬከሩ የሚለካው አምፔር ነው። የተመረጠውም ለ200 ኬቪኤ ነው፤ እስከ 290 አምፔር ድረስ ዝም ይላል። ምጣድና ቦይለር የሚወስዱት 165 ኪሎዋት ደግሞ ከ240 አምፔር አይበልጥም። ብሬከሩ ሁሉም ደህና ነው ብሎ ተቀምጧል። ሞተሩ ግን ከአቅሙ በላይ እየጎተተ ነው። ከፍታውን ብሬከሩ አያውቅም።

ይህ ሁኔታ ከውጭ ይታያል። ጭሱ ይጠቁራል። የሞተሩ ድምፅ ይወፍራል። አምፖሎች ይደበዝዛሉ። ፓነሉ ላይ 50 መሆን የነበረበት ሄርዝ ወደ 48፣ 47 ይወርዳል። ጥበቃው ይህን አይቶ ለማን እንደሚደውል ካልተነገረው ሞተሩ ሞቆ እስኪጠፋ ይጠብቃል። ከዚያ መልሶ ያስነሳዋል። ከጥቂት በዓላት በኋላ ቴስታታ።

ስለዚህ በ880,000ው ብር ውስጥ አንድ ተጨማሪ ሥራ መኖር አለበት ባይ ነኝ፤ ቤቶቹ ከጄነሬተሩ የሚወስዱትን መገደብ። እያንዳንዱ ቤት በጄነሬተር ጊዜ በ10 አምፔር ብሬከር ቢገደብ 2.2 ኪሎዋት ያገኛል። ፍሪጅ፣ መብራት፣ ቴሌቪዥን፣ ዋይፋይ፣ ስልክ ቻርጅ፣ ሁሉም ይበቃዋል። ምጣድ ግን አይሆንም። 44 ቤት በ2.2 ሲባዛ 97 ኪሎዋት ገደማ ነው። የጋራውን 20 ስንጨምርበት 117 ይሆናል። ሞተሩ በሰላም ይሸከመዋል። ነዋሪው ይህን እንደማይወደው አውቃለሁ። ለበዓል ዋዜማ ምጣድ መከልከል ቀላል ፖለቲካ አይደለም።

880,000 ብር ከየት መጣ?

ዋጋው ብዙ ሰው ያስደነግጣል። «ባለፈው ጊዜ ግማሹን እንኳ አልከፈልንም» የሚል አይጠፋም። እውነቱን ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ120 አለፈ። የጄነሬተር መለዋወጫ ከውጭ ነው የሚመጣው። የ1,000 ዶላር ዕቃ ከ57,000 ብር ተነስቶ ከ120,000 በላይ ገባ። ከዚያ በፊት በባንክ ተቀማጭ የተደረገ የሕንጻ መጠባበቂያም ቁጥሩ ሳይቀንስ አቅሙ ከግማሽ በታች ሆነ። ኮሚቴው ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ቢጽፈው ከብዙ ሐሜት ይድን ነበር።

ይህ ማለት ግን የቀረበው ዋጋ ሁሉ ይታመናል ማለት አይደለም። ትልቁ የዋጋ ልዩነት የሚመጣው ከአንድ ውሳኔ ነው። የተጣመመው ቴስታታ ቶርኖ ቤት ተወስዶ ፊቱ ይስተካከላል ወይስ አዲስ ይገዛል? ስንጥቅ ከሌለውና መጣመሙ ትንሽ ከሆነ ይስተካከላል፤ ወጪው በብዙ ይቀንሳል። ከተሰነጠቀ አይሆንም። ይህን የሚወስነው ልኬት ነው እንጂ የሜካኒኩ ስሜት አይደለም። ቶርኖ ቤቱ ቴስታታውን በግፊት ፈትሾ ውጤቱን በጽሑፍ ይስጥ። እዚህ ጋ ያለ አንድ ገጽ ወረቀት ከሦስት ፕሮፎርማ ይበልጣል።

ስለ ፕሮፎርማ ካነሳን፣ ሦስት ፕሮፎርማ መሰብሰብ ጥሩ ልማድ ነው። ግን ሦስቱም ስለ አንድ ሥራ ማውራት አለባቸው። አንዱ ጋስኬትና የእጅ ዋጋ ብቻ፣ ሌላው ሙሉ የሞተር እድሳት፣ ሦስተኛው ዕቃው ኦርጅናል ይሁን ቻይና ሳይለይ ቢመጣ ማወዳደር አይቻልም። ሦስቱም በአንድ ሰው እጅ ተሰብስበው ከመጡና አጻጻፋቸው ከተመሳሰለ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። ኮሚቴው መጀመሪያ የሥራውን ዝርዝር ራሱ ይጻፍ። ከዚያ ለሦስቱም ያንኑ ይስጥ። 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ ተካቷል ወይስ አልተካተተም የሚለው ከአሁኑ ይጣራ፤ በ880,000 ላይ በኋላ ብቅ ቢል 132,000 ብር ነው። የወጣው አሮጌ ዕቃ በሙሉ ለሕንጻው ይመለስ የሚል መስመርም ይግባ። አሮጌው ጋስኬትና አሮጌው ቴርሞስታት ጠረጴዛ ላይ ካልታዩ ስለመቀየራቸው ማረጋገጫ የለም።

20,000 ለሁሉም እኩል?

880,000ን ለ44 ስናካፍል 20,000 ይመጣል። ቀላል ሒሳብ ነው። ግን ሁለት ነገር ረስቷል።

አንደኛ፣ ግራውንዱን። ካፌው በጄነሬተር ቡና ማሽንና ፍሪጅ ያንቀሳቅሳል። ወረቀቱ ላይ የለም። ሁለተኛ፣ የቤቶቹን ስፋት። የጋራ ሕንጻ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ለየቤቱ የሚደርሰው የጋራ ወጪ ድርሻ በሕንጻው መግለጫ ውስጥ እንዲቀመጥ ያደርጋል። ኮሚቴው በስብሰባ መሀል የሚፈጥረው ቁጥር አይደለም። መጀመሪያ የሚወጣው ያ ሰነድ ነው።

ድርሻው በስፋት ነው ብለን እንስላው። በየፎቁ ሁለት ባለ 90 እና ሁለት ባለ 140 ካሬ ሜትር ቤት አለ። 11 ፎቅ ላይ 5,060 ካሬ ይሆናል። ግራውንዱ 440 ካሬ ቢሆን ጠቅላላው 5,500 ነው። 880,000 ለ5,500 ሲካፈል በካሬ 160 ብር ይደርሳል። ባለ 90 ካሬው 14,400 ብር ይከፍላል። ባለ 140 ካሬው 22,400። ግራውንዱ 70,400። በእኩል ሲካፈል ትንሹ ቤት 5,600 ብር ያለ አግባብ ይከፍል ነበር፤ ግራውንዱ ደግሞ ምንም።

ቀጥሎ የሚመጣው የአከራይና የተከራይ ጣጣ ነው። ቴስታታ የንብረት ጥገና ነው፤ የባለቤቱ ነው። ናፍጣ ፍጆታ ነው፤ የሚጠቀመው ሰው ይክፈለው። ውሉ ሌላ ካላለ ይህ አከፋፈል ልክ ነው። ወረቀቱ ግን «እያንዳንዱ ቤት» ብሎ ስለሚጽፍ ተከራዩ ከፍሎ ከአከራዩ ጋር ይጨቃጨቃል። አከራዩም «እሺ፣ ኪራይ ላይ እጨምራለሁ» ሊል ይችላል። አዲስ አበባ ውስጥ ግን ይህ እንዲሁ የሚደረግ አይደለም። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ኪራይ የሚጨመረው ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው ልክ ነው ይላል። ማስታወቂያው «የጥገናው መዋጮ የባለቤት፣ የናፍጣው የነዋሪ» ብሎ ሁለት መስመር ቢጽፍ ስንት ጠብ ይቀራል።

እስኪሠራ ድረስስ?

ቴስታታ ማውረድ፣ ቶርኖ ቤት መላክ፣ ዕቃ መፈለግ፣ መግጠም ሳምንታት ይፈጃል። «ለሚፈጠረው መጉላላት ይቅርታ» ለዚህ አይበቃም።

መፍትሔው ትንሽ ጄነሬተር መከራየት ነው። ትልቅ አያስፈልግም። ቤቶቹን ትተን የጋራውን ብቻ እንያዝ። አንድ ሊፍት 10 ኪሎዋት፣ የውኃ ፓምፕ 5.5፣ የደረጃ መብራት፣ ካሜራና የበር መብራት 3። ድምሩ 18.5 ኪሎዋት ነው። ባለ 60 ኬቪኤ፣ ከፍታው ቀንሶለትም ቢሆን፣ ይህን ይሸከማል። የተረፈው አቅም ዝም ብሎ የተያዘ አይደለም፤ ፓምፕ በቀጥታ ሲነሳ ለአፍታ እስከ ስድስት እጥፍ ኃይል ይስባል። ፍጆታው በሰዓት 6 ወይም 7 ሊትር ናፍጣ ነው። መብራት 4 ሰዓት ቢጠፋ 28 ሊትር። ማደያ በጀሪካን እንዲሁ አይቀዳም፤ ደብዳቤ ይጠይቃል። ደብዳቤው ጄነሬተሩ ከመምጣቱ በፊት ይጨረስ።

ውኃውን በሰዓት ማስኬድ ይቻላል። በ44 ቤት 176 ሰው አለ ብንል፣ ለአንድ ሰው በቀን 80 ሊትር ብንይዝ 14 ሜትር ኩብ ነው። ፓምፑ በሰዓት 10 ሜትር ኩብ ቢገፋ ሰዓት ተኩል ይበቃል። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ 45 ደቂቃ፣ ማታ 12 ሰዓት ላይ 45 ደቂቃ። ጣሪያው ላይ ያለው ሮቶ ግማሹን ማለትም 7,000 ሊትር መያዙ ብቻ ይረጋገጥ። ይህ ሰዓት ወረቀቱ ላይ ከወጣ ሰው ባልዲውን ያዘጋጃል።

የኪራዩ ጄነሬተር ሲገጠም አንድ ስህተት ይደጋገማል። ሦስቱ የፌዝ ኬብሎች ቅደም ተከተላቸው ተገላብጦ ይታሰራል። መብራቱ ይበራል፤ ሁሉም ደህና ይመስላል። ፓምፑ ግን ወደ ኋላ ይዞራል፤ ድምፅ አለ፣ ውኃ የለም። ሊፍቱ ደግሞ ፌዝ የሚቆጣጠር ሪሌ ካለው ጭራሽ አይንቀሳቀስም። ነዋሪው «ሊፍቱም ተበላሸ» ይላል። ኤሌክትሪሺያኑ ሁለት ኬብል ቢያቀያይር ያልቃል፤ የሚሻለው ግን ከማብራቱ በፊት በመለኪያ ማየቱ ነው። ጄነሬተሩም ቤዝመንት አይግባ፣ የሰው መስኮት ሥር አይቁም። ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም። በረንዳ ላይ የራሴን ትንሽ ቤንዚን ጄነሬተር አደርጋለሁ የሚል ነዋሪም በዚሁ ምክንያት ይከልከል።

የተከራየው እስኪመጣ ባሉት ቀናት መብራት ሲሄድ ሊፍቱ በሁለት ፎቅ መካከል ሊቆም ይችላል። ውስጥ ያለ ሰው ይፈራል፤ በሩን ለመፈልቀቅ ይታገላል። አደጋው ያለው እዚያ ነው እንጂ መቆሙ ላይ አይደለም። የሊፍቱ የጥገና ድርጅት ስልክ ካቢኑ ውስጥም ጥበቃው ጋም ይለጠፍ። ደመና ባለበትና መብራት ሲመላለስ በዋለበት ቀን አረጋውያንና ሕፃናት ብቻቸውን ባይገቡ ጥሩ ነው።

ጥገናው ሲያልቅ ደግሞ ሜካኒኩ ጄነሬተሩን አስነስቶ፣ አምስት ደቂቃ አሰምቶ «ይኸው» ይላል። ባዶውን የሚሠራ ሞተር አይሞቅም፤ ስለዚህ ምንም አያሳይም። ፈተናው በጭነት ይሁን። ቅዳሜ ከሰዓት ነዋሪዎች ተነግሯቸው ቤቱ ሁሉ በጄነሬተር ይሥራ፤ ቢያንስ አንድ ሰዓት። የውኃው ሙቀት፣ የዘይቱ ግፊት፣ ሄርዙ በየ10 ደቂቃው ይመዝገብ። ሙቀቱ 80ዎቹና 90ዎቹ መካከል ወጥቶ ከቆመ ጥሩ ነው፤ እየጨመረ ከሄደ ሥራው አላለቀም። የተነቀለ የሴንሰር ሽቦ ካለ በዚያው ቀን ተመልሶ ይገጠም። ከ880,000ው ውስጥ 20 በመቶው፣ 176,000 ብር፣ ይህ የፈተና መዝገብ ተፈርሞ እስኪመጣ ድረስ ኮሚቴው አካውንት ውስጥ ይቆይ። ይህም ከሜካኒኩ ጋር በሚፈረመው ውል ላይ ከመጀመሪያው ይጻፍ፤ ሥራው ካለቀ በኋላ ከተነሳ እሺ አይልም።